መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ

ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለት ሰው ከፋርማሲው መስኮት የሚሰማው መመሪያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ «ዛሬ ሁለት ፍሬ፣ ከነገ ጀምሮ በቀን አንድ።» ካፕሱሉ ዛሬም ነገም ያው ባለ 100 ሚሊግራሙ ነው። በሽታውም በአንድ ሌሊት በግማሽ አይቀልም። ታዲያ የመጀመሪያው ቀን ለምን እጥፍ ሆነ?

ምክንያቱ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ከተዋጠው ዶክሲሳይክሊን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ18 እስከ 22 ሰዓት ይወስዳል፤ ወደ አንድ ቀን ይጠጋል ማለት ነው። ዛሬ 200 ሚሊግራም የወሰደ ሰው ነገ በዚሁ ሰዓት 100 ገደማ ቀርቶለታል። ነገ አንድ ካፕሱል ሲጨምርበት ተመልሶ ወደ 200 ይጠጋል፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ብቻ ቢወስድ ኖሮ በ100 ጀምሮ ወደ 150፣ ከዚያ ወደ 175 እያለ ቀናት ፈጅቶ ነበር እዚያው የሚደርሰው። ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ እነዚያን ቀናት መጠበቅ የለበትም።

ቶሎ ለመሙላት የሚሰጠውን ይህን የመጀመሪያ መጠን ሐኪሞች ሎዲንግ ዶዝ ይሉታል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የወጣውን ብቻ የሚተካው ሜንተናንስ ዶዝ ነው። ዶክሲሳይክሊን ላይ ሁለቱ ቢምታቱ የሚያስከትለው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከማቅለሽለሽ አያልፍም። የልብ መድኃኒት በሆነው ዲጎክሲን ላይ ግን ስህተቱ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የሚጠቅመው መጠንና የሚመርዘው መጠን በጣም ተቀራራቢ ናቸው፤ አንዴ ከገባም ለመውጣት ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ሂሳቡን ለማየት ከዲጎክሲን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የዲጎክሲን ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ አበባ ነው። በ1775 እ.ኤ.አ. ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ በሽሮፕሺር ግዛት አንዲት አሮጊት በምስጢር ይዘውት ስለነበረ የእብጠት መድኃኒት አስተያየቱን ተጠየቀ። ቅመሙ ከሃያ በላይ ዕፅዋት የተቀላቀሉበት ነበር፤ ዊዘሪንግ ግን ሥራውን የሚሠራው ዲጂታሊስ የተባለው ተክል መሆኑን ለየ። ለዐሥር ዓመት ያህል በሕመምተኞቹ ላይ ሲከታተለው ቆይቶ በ1785 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። በሥራው ሁሉ ያስቸገረው አንድ ነገር ነበር። ዛሬ የተሰጠው መጠን ምንም ያላደረገ ይመስላል፤ ሐኪሙ ነገም ከነገ ወዲያም ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ የሁሉም ቀን መድኃኒት በአንድ ላይ ደርሶ ሕመምተኛውን ያስመልሰዋል፣ የልቡንም ምት ያዘገየዋል። ዊዘሪንግ መድኃኒቱ በኩላሊት፣ በጨጓራ፣ በልብ ምት ወይም በአንጀት ላይ የመጀመሪያውን ምልክት ሲያሳይ ወዲያው እንዲቆም አዘዘ። በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ክምችቱን ግን በዓይኑ አይቶታል።

ዛሬ ዲጎክሲን በክኒን የሚመጣ ሲሆን የተለመደው ፍሬ 250 ማይክሮግራም ይይዛል፤ የአንድ ሚሊግራም ሩብ ነው። በአገራችን ብዙ ወጣቶች ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚመጣ የሩማቲክ ትኩሳት የልብ ቫልቫቸው ይጎዳል። ከእነሱም መካከል የላይኛው የልብ ክፍል ሥርዓቱን ስቶ የሚርበተበትባቸው፣ የልብ ምታቸውም በደቂቃ ከ130 እና ከ140 በላይ የሚደርስባቸው አሉ። ዲጎክሲን ከሚታዘዝላቸው ሰዎች መካከል እነዚህ ይገኙበታል።

ለምሳሌ ክብደቷ 60 ኪሎ የሆነ፣ ኩላሊቷ ጤነኛ የሆነ አንዲት ሴት እንውሰድ። በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ ባለ 250 ክኒን ትውጣለች። ለሂሳቡ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ከተዋጠው ውስጥ ደም ውስጥ የሚገባው ድርሻ ነው። ከዲጎክሲን ክኒን 70 በመቶ ያህሉ ከአንጀት ወደ ደም ያልፋል፤ የቀረው በሰገራ ይወጣል። ስለዚህ ከ250 ውስጥ ለሰውነቷ የሚደርሰው 175 ማይክሮግራም ነው።

ሁለተኛው ሃፍ ላይፍ የሚባለው ነው፤ በሰውነት ውስጥ ካለው መድኃኒት ግማሹ እስኪወጣ የሚወስደው ጊዜ። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው የዲጎክሲን ሃፍ ላይፍ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ነው። እዚህ 48 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ቀን እንበል። በሁለት ቀን ግማሹ ከወጣ በአንድ ቀን ሩቡ ይወጣል ብሎ መገመት ይቀናል፤ ግን ልክ አይደለም። በየቀኑ የሚወጣው ካለው ላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ከሁለተኛው ቀን ይበልጥ ይወጣል። ሂሳቡ ሲሠራ በቀን 29.3 በመቶ ይወጣል፣ 70.7 በመቶ ይቀራል። የ70.7 በመቶው 70.7 በመቶ 50 በመቶ ስለሆነ በሁለት ቀን ግማሹ መቅረቱ አይፋለስም።

አሁን ቀኖቹን እንቁጠር። በመጀመሪያው ጠዋት 175 ማይክሮግራም ገባ። በማግስቱ ከመዋጧ በፊት 124 ቀርቷል፤ ሌላ 175 ሲጨመርበት 299 ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት 211 ቀርቶ ወደ 386 ይወጣል፤ በአራተኛው 273 ቀርቶ ወደ 448፤ በአምስተኛው 317 ቀርቶ ወደ 492። ጭማሪው ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ መሄዱን ልብ ይሏል። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ቀን 124 ጨመረ፤ ከአራተኛው እስከ አምስተኛው ግን 44 ብቻ።

ክኒኑ ሳይቀንስ ጭማሪው ለምን ይቀንሳል? ከታች ቀዳዳ ያለው ሮቶ በየጠዋቱ አንድ ባልዲ ውሃ ቢጨመርበት የሚሆነው እንዲሁ ነው። ውሃው ገና ከታች ሳለ በቀዳዳው የሚወጣው ጥቂት ነው፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ግፊቱ አይሎ ብዙ ይወጣል። ከአንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ በቀን የሚወጣው ከሚጨመረው ባልዲ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ይላል እንጂ አማካዩ አይነቃነቅም።

ሐኪሞች ስቴዲ ስቴት የሚሉት ይህንን የረጋ ደረጃ ነው። የት ላይ እንደሚረጋ ለማወቅ ቀኖቹን አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም። በቀን የሚገባው 175 ነው፤ በቀን የሚወጣው ደግሞ ካለው 29.3 በመቶ ነው። ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ 175 ለ0.293 ይካፈላል፤ ውጤቱ 597 ይሆናል። ስለዚህ ይህች ሴት ከረጋች በኋላ ክኒኗን እንደዋጠች በሰውነቷ ውስጥ 597 ማይክሮግራም ይኖራል፤ በማግስቱ ጠዋት 422 ይቀራል፤ የወጣው 175 በአዲሱ ክኒን ይተካል። ከአንድ ክኒን የምታገኘው 175 ሲሆን በሰውነቷ የተጠራቀመው የዚያ ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ይህን ሦስት እጥፍ ተኩል የወሰነው የክኒኑ ጉልበት ሳይሆን ሃፍ ላይፉና በሁለት ክኒኖች መካከል ያለው ሰዓት ነው።

ለንጽጽር ፓራሲታሞልን ማየት ይቻላል። ሃፍ ላይፉ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ በየስድስት ሰዓቱ ቢወሰድ ቀጣዩ ክኒን ሲደርስ ከቀድሞው የቀረው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ክምችቱ ከአንድ ዶዝ ብዙም አይዘልም። ለፓራሲታሞል ሎዲንግ ዶዝ የማያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ዶዝ ከደረጃው ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም።

ወደዚያ የረጋ ደረጃ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይወስዳል? በአንድ ሃፍ ላይፍ የመንገዱ ግማሽ፣ በሁለት ሦስት አራተኛው፣ በሦስት 87.5 በመቶው፣ በአምስት 97 በመቶው ያልቃል። ለዲጎክሲን አምስት ሃፍ ላይፍ ዐሥር ቀን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። በቀን ሁለት ክኒን መውሰድ ዐሥሩን ቀን ወደ አምስት አያወርደውም። መርጊያው ራሱ ወደ እጥፉ፣ ወደ 1,194 ይሄዳል፤ የሚደርስበትም ያው በዐሥረኛው ቀን ነው። እውነት ነው፣ በመንገዱ ላይ 597ን በሁለተኛው ቀን ይነካል። ነክቶ ግን አይቆምም። ዶዙን እጥፍ አድርጎ ሁለት ቀን ቆይቶ ወደ አንድ ካልተመለሰ ወደ መርዛማው መጠን እየወጣ ነው።

አሁን ወደ ሎዲንግ ዶዝ እንመለስ። የዚህች ሴት ልብ በደቂቃ 140 ጊዜ የሚመታ ከሆነ ዐሥር ቀን መጠበቅ አይመችም። በመጀመሪያው ቀን 597 ላይ ለማድረስ ስንት መዋጥ አለባት? ከክኒኑ የሚገባው 70 በመቶ ስለሆነ 597 ለ0.7 ሲካፈል 853 ማይክሮግራም ይሆናል፤ በፍሬ ሲቆጠር ሦስት ክኒን ተኩል ያህል። የሎዲንግ ዶዝ ሂሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ በሰውነት ውስጥ እንዲኖር የሚፈለገው መጠን ለሚገባው ድርሻ ይካፈላል። የሜንተናንስ ዶዝ ደግሞ በቀን የሚወጣው መጠን ለዚያው ድርሻ ይካፈላል፤ 175 ለ0.7፣ ማለትም 250።

በተግባር ግን ይህን ያህል ዲጎክሲን በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ከደም ወደ ልብና ወደ ጡንቻ ተሰራጭቶ ለመረጋጋት ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ የመጀመሪያው ክኒን ልብ ላይ ምን እንዳደረገ ሳያዩ ሌላውን መጨመር አደጋ ነው። ስለዚህ በየስድስት ወይም በየስምንት ሰዓቱ ተከፋፍሎ ይሰጣል። ከእያንዳንዱ በፊት የልብ ምቱ ይቆጠራል፣ ኢሲጂው ይታያል፤ ምቱ ከበቂ በላይ ከዘገየ ወይም ማስመለስ ከጀመረ የቀረው አይሰጥም።

ሦስት ክኒን በየስምንት ሰዓቱ ቢሰጣት ምን ይሆናል? ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 175 ገባ። በስምንት ሰዓት ውስጥ 11 በመቶ ያህሉ ስለሚወጣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ 156 ቀርቷል፤ ሁለተኛው ክኒን ሲጨመር 331። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 295 ቀርቶ በሦስተኛው ክኒን 470 ይደርሳል። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 419 አለ። ይህ ቁጥር ከላይ ካገኘነው፣ የረጋ ሰው ጠዋት ከመዋጡ በፊት ካለው ከ422 ጋር በሦስት ማይክሮግራም ብቻ ይለያያል። በዚያ ጠዋት አንዱን ክኒኗን ስትውጥ 594 ይሆናል፤ መርጊያው 597 ነበር። ዐሥር ቀን የሚፈጀው መንገድ በአንድ ቀን አለቀ። ሦስት ተኩል ሳይሆን ሦስት ክኒን የበቃውም ተከፋፍሎ በመሰጠቱ ነው፤ ሌሊት የተዋጠው እስኪነጋ ድረስ ገና ብዙም አልወጣም።

እነዚህ ማይክሮግራሞች በደም ምርመራ ወረቀት ላይ በዚህ መልክ አይታዩም። ላቦራቶሪው የሚጽፈው በአንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ ያለውን በናኖግራም ነው። ዲጎክሲን አብዛኛው በጡንቻና በልብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ደም ውስጥ የሚገኘው ትንሽ ነው፤ በስሌቱ 60 ኪሎ ሰው ውስጥ በ420 ሊትር ውሃ የተበጠበጠ ያህል ሆኖ ይገኛል፣ በኪሎ 7 ሊትር ሂሳብ። የእኛዋ ሴት የጠዋት 422 ማይክሮግራም ለ420 ሊትር ሲካፈል በሚሊሊትር 1 ናኖግራም ይሆናል።

ይህ ቁጥር አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ለልብ ድካም ሕመምተኞች ዛሬ የሚመከረው ከ0.5 እስከ 0.9 ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው፣ 6,800 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ዲጎክሲን የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች የሞት መጠን እንደማይቀንስ፣ ሆስፒታል የመግባት ድግግሞሽን ግን እንደሚቀንስ አሳየ። በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች ደግሞ ከፍ ያለ የደም መጠን ከጉዳት ጋር አያያዙት። ስለዚህ ለልብ ድካም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግማሽ ክኒን፣ 125 ማይክሮግራም ነው፤ በእኛዋ ሴት ሂሳብ ጠዋት ላይ 0.5 ይሰጣል። ለዚሁ ሕመም ሎዲንግ ዶዝም አያስፈልግም፤ የሚያስቸኩል ነገር ስለሌለ ዐሥሩን ቀን ጠብቆ ቀስ ብሎ መውጣት ይመረጣል። ሎዲንግ ዶዝ የሚቀረው የልብ ምት ቶሎ መውረድ ላለበት ሰው ነው።

እስካሁን ያለው ሁሉ የተሠራው ኩላሊት ጤነኛ ነው በሚል ነው። ዲጎክሲን በአብዛኛው የሚወጣው በሽንት ነው፤ ኩላሊቱ ክፉኛ በደከመ ሰው ሃፍ ላይፉ ከሦስት ቀን ተኩል እስከ አምስት ቀን ይደርሳል። አንድ አዛውንት አራት ቀን ሃፍ ላይፍ እንዳላቸው እንውሰድ፤ በየቀኑ የሚወጣው 16 በመቶ ብቻ ነው። ያንኑ ባለ 250 ክኒን በቀን አንድ ቢወስዱ መርጊያቸው 175 ለ0.159፣ ማለትም ወደ 1,100 ማይክሮግራም ይሆናል። ከሴትዮዋ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እዚያ የሚደርሱትም በዐሥር ሳይሆን በሃያ ቀን ነው።

አደጋው ያለው በዚህ መዘግየት ውስጥ ነው። የሁለቱን ሰዎች ቀናት ጎን ለጎን ብናስቀምጥ እንዲህ ይታያል፤ ቁጥሮቹ ክኒኑ በተዋጠ ጊዜ በሰውነት ውስጥ ያለው ማይክሮግራም ናቸው።

በ2ኛው ቀን፦ ሴትዮዋ 299፣ አዛውንቱ 322
በ7ኛው ቀን፦ ሴትዮዋ 544፣ አዛውንቱ 773
በ14ኛው ቀን፦ ሴትዮዋ 592፣ አዛውንቱ 1,003

በሁለተኛው ቀን አንድ ላይ ቢታዩ ማንም አይለያቸውም። አዛውንቱ ሆስፒታል ለሦስት ቀን ተኝተው ደህና ሆነው ወጡ ቢባል፣ ክምችቱ የሚያድገው ቤታቸው ሆነው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ምግብ ያስጠላቸዋል፤ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፤ ይደክማቸዋል፣ አንዳንዴም ግራ ይገባቸዋል። አንዳንድ ሰው ነገሩን ሁሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ አድርጎ ያያል፤ በአምፖል ዙሪያ ቀለበት ይታየዋል። የልብ ምታቸው ይዘገያል ወይም ይዘበራረቃል። ቤተሰብ ደግሞ «ጨጓራው ነው» ይላል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ሲጀመር ምንም አልሆኑም፣ ዶዙም አልተቀየረም።

ለእሳቸው የሚሆነው ዶዝ ከሂሳቡ ይወጣል። ያንኑ ክኒን በየሁለት ቀኑ አንድ ቢወስዱ፣ በሁለት ክኒኖች መካከል ያለው ጊዜ የሃፍ ላይፋቸው ግማሽ ይሆናል፤ በሴትዮዋ ላይም አንድ ቀን የሁለት ቀን ግማሽ ነበር። ስለዚህ ቁጥሮቹ ያው ይመጣሉ፤ ሲዋጥ 597፣ ከመዋጡ በፊት 422። ወይም በየቀኑ ግማሽ ክኒን ቢወስዱ አማካዩ ተመሳሳይ ሆኖ መውጣት መውረዱ ያንሳል። ነገር ግን የደከመ ኩላሊት ባለው ሰው ዲጎክሲን ወደ ጡንቻ የሚገባው ስለሚቀንስ በደም ውስጥ የሚታየው መጠን ከዚህ ሂሳብ ይበልጣል፤ ሐኪሙ ሎዲንግ ዶዙንም ዕለታዊውንም ዝቅ የሚያደርገው ለዚህ ጭምር ነው።

ሌላው የታወቀ ስህተት የትእዛዝ ወረቀት ላይ የሚፈጠር ነው። «በየስምንት ሰዓቱ አንድ» የሚለው ለመጀመሪያው ቀን የተጻፈ ትእዛዝ ሳይሰረዝ ይቀራል። በቀን ሦስት ክኒን የሚወስድ ሰው መርጊያው ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ በእኛዋ ሴት ክብደት ጠዋት ላይ ከ3 ናኖግራም ያልፋል። ከ2 በላይ መመረዝ የሚጠበቅበት ነው። ይህን ለመከላከል ሎዲንግ ዶዝ ሲጻፍ ስንት ፍሬ እንደሆነና የመጨረሻው በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ አብሮ ይጻፋል፤ ዕለታዊው ዶዝም ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ለብቻው ይታዘዛል።

የደም ናሙና የሚወሰድበት ሰዓትም ያሳስታል። ክኒኑ በተዋጠ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከተቀዳ መድኃኒቱ ገና ከደም ወደ ጡንቻ አልገባምና ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ያሳያል፤ ያልተመረዘ ሰው የተመረዘ ይመስላል። ቢያንስ ስድስት ሰዓት መቆየት አለበት፤ ከሁሉ የሚሻለው ጠዋት ክኒኑ ከመዋጡ በፊት መቅዳት ነው። ዶዝ ከተቀየረ በኋላ በሦስተኛው ቀን የሚወሰድ ናሙና ደግሞ የመንገዱን መካከል እንጂ መርጊያውን አይናገርም። በዚያ ቁጥር «አልበቃም» ብሎ ዶዝ መጨመር ማለት ገና በመውጣት ላይ ባለ መጠን ላይ ሌላ መደረብ ነው።

አንድ ቀን ረስቶ ያልዋጠ ሰውስ? የእኛዋ ሴት ብትረሳ በማግስቱ ጠዋት ከ422 ይልቅ 298 ይኖራታል። የተለመደውን አንድ ክኒን ብትወስድ 473 ትደርሳለች፤ ከቀድሞው 124 ጎደለ። ይህ ጉድለት በየሁለት ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ በሳምንት ገደማ ይጠፋል፤ ሁለት ደርባ መዋጥ አያስፈልጋትም። ሃፍ ላይፉ ረጅም የሆነ መድኃኒት የአንድ ቀን መርሳትን ይሸከማል። የሚያሳስበው በተደጋጋሚ እየረሱ፣ ምርመራ ሲደርስ ብቻ አከታትሎ መዋጥ ነው፤ ያኔ የደሙ ቁጥር ስለ ምንም ደረጃ አይናገርም።

እነዚህ ሂሳቦች ሁሉ የቆሙት በየቀኑ የሚወጣው ድርሻ አይለወጥም በሚለው ላይ ነው። ለዲጎክሲን ይህ ይሠራል፤ ለሚጥል በሽታ ለሚሰጠው ለፌኒቶይን ግን አይሠራም። ጉበት ፌኒቶይንን የሚያስወግድበት አቅም ወሰን ስላለው፣ ዶዙ ጥቂት ሲጨመር የደሙ መጠን በብዙ ይዘላል። ዲጎክሲንም ቢሆን በሌሎች መድኃኒቶች ይለወጣል። አሚዮዳሮን ሲጨመር መውጫው ስለሚጠብ ዕለታዊው ዶዝ ብዙ ጊዜ በግማሽ ይቀነሳል። ላሲክስ ደግሞ የዲጎክሲኑን መጠን ባይነካ እንኳ ፖታሲየምን በሽንት ስለሚያጥብ፣ ትናንት የተስማማው መጠን ዛሬ የልብ ምትን ሊያዘበራርቅ ይችላል። ብርቱ ተቅማጥና ማስመለስም ፖታሲየሙን ያወርዳል፤ ውሃ ጎድሎ ኩላሊቱ ከደከመም መድኃኒቱ መጠራቀም ይጀምራል። ስለዚህ የዲጎክሲን ሕመምተኛ ሲታይ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም አብረው ይለካሉ።

መመረዙ ከታወቀ ክኒኑ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበትም ያው ሃፍ ላይፍ ይነግራል። የደም መጠኑ 2 ናኖግራም የደረሰ፣ ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ወደ 1 የሚወርደው በሁለት ቀን፣ ወደ 0.5 የሚወርደው በአራት ቀን ነው። አዛውንቱ ግን ወደ 1 ለመውረድ አራት ቀን፣ ወደ 0.5 ለመውረድ ስምንት ቀን ይፈልጋሉ፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ምንም ባይውጡም መድኃኒቱ ልባቸው ላይ መሥራቱን አያቆምም። ምታቸው የተዘበራረቀ ከሆነ ኢሲጂ በሚታይበት ክፍል ተኝተው ይቆያሉ፤ ፖታሲየማቸውም በየጊዜው ይለካል። ዲጎክሲን እንደገና ሲጀመርላቸው ያለ ሎዲንግ ዶዝ፣ በግማሽ ክኒን ወይም ከዚያም ባነሰ መጠን ነው፤ ቀጣዩ የደም ምርመራም ለሦስተኛው ሳምንት ይቀጠራል።